ባለ 160 ገጽ ጥናት ለወረዳ ኮሚቴ እንዴት ሁለት ገጽ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁ ነኝ። የምሠራበት ፕሮጀክት በእናቶች ጤና ላይ ያስጠናው 160 ገጽ ሪፖርት አለ፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለወረዳው ኮሚቴ በአማርኛ ኤክስኪዩቲቭ ሰመሪ አዘጋጂ ተባልኩ። ኮሚቴው ውስጥ የጤና ባለሙያ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ከፋይናንስ፣ ከአስተዳደር፣ ከሴቶችና ሕፃናት ናቸው፣ አንድ ቄስና አንድ ነጋዴም አሉበት። እያንዳንዱን ምዕራፍ አሳጥሬ 14 ገጽ አደረስኩት፣ አለቃዬ ግን «ማን ያነበዋል?» ብሎ መለሰልኝ። ምኑን ልቁረጠው?

ምላሽ፦

እህቴ 14 ገጹን አትቁረጪው፣ እንዳለ አስቀምጪው፣ በኋላ ይጠቅምሻል። ግን ሰመሪውን ከሱ አታውጪው። ምዕራፍ በምዕራፍ ሲያሳጥሩት የሚወጣው ትንሽ ሪፖርት ነው እንጂ ሰመሪ አይደለም፣ 14 ገጹን 7 ብታደርጊውም ያው ነው። ሪፖርት የሚጻፈው ተመራማሪ ለተመራማሪ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንደተጠና፣ ከዛ እንዴት እንደተጠና፣ ከዛ ምን እንደተገኘ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ታዲያ ምን ይሁን» የሚለው ይመጣል። ኮሚቴ ግን ያቺን የመጨረሻዋን ሊሰማ ነው የተሰበሰበው፣ ዘዴው ጋር ሳይደርስ ሻይ ይመጣል።

በነገራችን ላይ በዚህ የሚቸገረው የኛ ሰው ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ስለ ኢራቅ ጦርነት ያስጠኑት የቺልኮት ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ 12 ቅጽ፣ 2.6 ሚሊዮን ቃል ነበር፣ ኤክስኪዩቲቭ ሰመሪው ብቻ 150 ገጽ ገደማ። ያንቺ ሙሉ ሪፖርት ማለት ነው። እነሱ ጋር ጋዜጠኛው ቁጭ ብሎ ያነበዋል፣ ያንቺ ነጋዴ ግን ሱቁን ዘግቶ ነው የሚመጣው።

እኔ የምሠራው በጤና መረጃ ላይ ነው፣ ለቦርድና ለኮሚቴ የሚቀርብ ጽሑፍ ስጽፍ ነው ዓመቱ የሚያልቀው፣ ስለዚህ የማደርገውን ልንገርሽ።

ሪፖርቱን ከመክፈትሽ በፊት ለኮሚቴው ጸሐፊ ደውዪ። አጀንዳው ምን ተብሎ እንደተያዘ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ «ስለ ጥናቱ ገለጻ ይደረጋል» ነው የሚሉሽ፣ እዛ ላይ አታቁሚ፣ «ገለጻው ካለቀ በኋላ እጅ የሚወጣበት ጉዳይ ምንድነው?» በያቸው። ያኔ እውነቱ ይወጣል፣ ለምሳሌ «ለመጪው በጀት ሁለተኛ አምቡላንስ ይገዛ ወይስ ጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ይሠራ የሚል ክርክር አለ» ይሉሻል። በቃ ሰመሪሽ ስለ ምን እንደሆነ አሁን ታወቀ። ስለ ጥናቱ አይደለም፣ ስለ አምቡላንስና ስለ ማቆያ ነው፣ ጥናቱ የሚገባው ለዛ የሚሆን ነገር እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ምንም ውሳኔ የለም፣ እንዲያው እንዲያውቁት ነው ካሉሽም ጥሩ፣ ያኔ አንድ ገጽ ይበቃል።

ከዛ ሪፖርቱን ከኋላ ወደ ፊት አንብቢው። መደምደሚያውን፣ ከዛ የውጤት ሰንጠረዦቹን፣ ከዛ የጥናቱ ውስንነት የሚለውን ክፍል፣ ዘዴውን መጨረሻ ላይ። እያነበብሽ ለውሳኔው ይሆናል ያልሽውን ነገር በራስሽ አማርኛ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ አጠገቡ የገጽ ቁጥሩን። ኮፒ ፔስት አታድርጊ፣ በራስሽ አማርኛ መጻፍ ካቃተሽ ነገሩ አልገባሽም ማለት ነው፣ አንቺ ያልገባሽን ደግሞ ቄሱ ከየት ያመጡታል። እኔ ስሠራው ከ40 እስከ 50 ዓረፍተ ነገር ይወጣኛል። ከዛ እያንዳንዱን «ይሄ ባይኖር ሰውየው እጁን ወደ ሌላ ያነሳ ነበር?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አዎ የሚባሉት ከስድስት ሰባት አይበልጡም፣ ሰመሪው እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ እጅ አያስቀይርም ግን ባይኖር ሰው አያምንም፣ ማንን ጠየቃችሁ፣ መቼ፣ ስንት ሰው የሚለው፣ ለሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው። የቀረው እዛው ሪፖርቱ ውስጥ ይቅር፣ የትም አይሄድም።

ያንቺን ሪፖርት ስላላየሁት ሁሉም ሰው ሊከፍተው በሚችለው ላሳይሽ። ኢዲኤችኤስ የምንለውን ታውቂዋለሽ መቼም፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማለቴ ነው፣ ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ ወደ 16,650 ቤተሰብ ተጠይቆበታል። ከአምቡላንስና ከማቆያው ጥያቄ ጋር ይዘነው እንግባ።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ስብሰባ ሲያበላሽ አይቻለሁ። ሰመሪሽ ላይ «በ2016 የተደረገው ጥናት» ብለሽ ከጻፍሽ ከፋይናንስ የመጡት ሰውዬ በኛ 2016 ነው የሚያነቡት፣ ገና ትላንትና የተደረገ ጥናት ይመስላቸዋል። ጥናቱ የተካሄደው ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ነው። የስምንት ዓመት ልዩነት ማለት እኮ ለበጀት ውሳኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ለኮሚቴ የምትሰጪው ወረቀት ላይ ሁሉንም ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሪ፣ ስትቀይሪ ደግሞ ወሩን እዪ ምክንያቱም ከመስከረም በፊት ያለው ስምንት ነው የሚቀነስለት፣ ከመስከረም ወዲህ ያለው ሰባት። የጥናቱን ስም ስትጠሪ ብቻ እ.ኤ.አ. ብለሽ ተዪው።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ጥናቱ ላይ በጤና ተቋም የተካሄደ ወሊድ 26 በመቶ ነው፣ በፊተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2011ዱ፣ 10 በመቶ ነበር። አንዱ ጸሐፊ «በ16 በመቶ ጨመረ» ይላል፣ ሌላው «በ160 በመቶ ጨመረ» ይላል፣ ሦስተኛው «በ16 የመቶኛ ነጥብ» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ትክክል ነው ግን ያሳስታል፣ ሦስተኛው ትክክል ነው ግን ከአንቺና ከጤና ባለሙያው በቀር ማንም አይገባውም። ሦስቱንም ተያቸውና «ከ100 ወሊድ ጤና ተቋም ውስጥ የተካሄደው 26 ነው፣ በፊት 10 ነበር» በዪ። ስሌቱን ሰውየው ራሱ ይሠራዋል፣ ራሱ ሲሠራው ደግሞ ያምነዋል።

የእናቶች ሞት ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ሪፖርቱ የሚለው ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 ነው። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ አባት «እኛ ወረዳ መቶ ሺ ወሊድ መቼ አለና» ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሰው ሳቀ ግን ሰውየው ልክ ናቸው፣ 100,000 የባለሙያ መለኪያ ነው እንጂ ሰው የሚያየው ነገር አይደለም። ገልብጪው። 100,000 ለ412 ሲካፈል 243 ገደማ ነው፣ «240 ያህል ሕፃናት በተወለዱ ቁጥር አንዲት እናት ትሞታለች» ማለት ነው። 240 ሕፃን ሰው በዓይነ ሕሊናው ያየዋል፣ ሁለት ሦስት ቀበሌ ነው የሚያስበው።

ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቂ ምክንያቱም ቁጥሩን እንዲህ ካቀለልሽው በኋላ እጅሽ ይበላሻል። «እንግዲህ ወረዳችን በዓመት 3,000 ወሊድ ካለው 12 ወይ 13 እናት ይሞታል ማለት ነዋ» ብለሽ መጻፍ ያምርሻል። አይቻልም። ናሙናው የተወሰደው ለአገርና ለክልል ውጤት እንዲሰጥ ነው፣ የሞቱ ቁጥር ደግሞ ለአገር ብቻ ነው የሚበቃው፣ ስለ አንድ ወረዳ አንድም ነገር አይናገርም። ያንቺ ወረዳ ከአገሩ አማካይ በጣም የተሻለ ወይ በጣም የባሰ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «የኛስ?» ብሎ ነው፣ ስለዚህ መልሱን ቀድመሽ ጻፊው፦ ይህ ጥናት ወረዳውን ለብቻው አያሳይም፣ የወረዳው ያለው በጤና ጣቢያው የወሊድ መዝገብና በአምቡላንሱ የጉዞ መዝገብ ላይ ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ስብሰባ ታድናለች።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ቆርጦ የሚጥለው ነገር፣ እርግጠኛ ያለመሆን መጠኑ። 412 ብሎ ሪፖርቱ ሲጽፍ አብሮ ከ273 እስከ 551 የሚል አለው። ሰመሪ ጸሐፊ ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው፣ ከዛ 412 ልክ በመዝገብ የተቆጠረ ይመስላል። በመዝገብ አልተቆጠረም፣ ሴቶች ስለ እህቶቻቸው ተጠይቀው ከዛ የተሰላ ነው፣ ያውም ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት በአንድ ላይ ይዞ። ለኮሚቴ «95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል» ማለት ዋጋ የለውም። «ጥናቱ በናሙና ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር በ180 ወሊድ አንድ ያህል ሊበዛ፣ በ370 ወሊድ አንድ ያህል ሊያንስ ይችላል» በዪ፣ ይበቃል።

ከፊተኛው ጋር ስታወዳድሪስ? የ2011ዱ 676 ነው፣ ከ541 እስከ 810። ሁለቱ የቁጥር ወሰኖች ጫፋቸው ላይ ትንሽ ይነካካሉ፣ የአንዱ የላይኛው 551 የሌላው የታችኛው 541 ስለሆነ። ሰው ይሄን አይቶ «ተነካክተዋል ስለዚህ ለውጥ የለም» ይላል፣ ስህተት ነው፣ ጫፍ ለጫፍ ስለተነካኩ ብቻ ልዩነት የለም አይባልም፣ ሂሳቡን ስትሠሪው ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በላይ ነው። እኔ ብሆን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «የእናቶች ሞት ቀንሷል፣ በትክክል በስንት ቀነሰ የሚለው ግን አልጠራም።» አንድ መስመር ነው፣ ባለሙያውም አይቃወመውም፣ ነጋዴውም ይገባዋል። ሁለቱን ማስማማት ነው እንግዲህ ሥራው ሁሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከኔው ስህተት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሆስፒታል ቦርድ ሰመሪ ጻፍኩ፣ ለታካሚዎች ቀጠሮ በስልክ ማስታወስ ይጠቅማል ወይ የሚል ትንሽ ሙከራ ነበር። እንግሊዝኛው ልዩነቱ ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት አልሆነም ይላል፣ እኔም ሁላችንም እንደምናደርገው «ጉልህ ለውጥ አላመጣም» ብዬ ተረጎምኩት። ቦርዱ አነበበ፣ ሥራው ቆመ፣ ደዋይዋም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። እውነቱ ግን ሙከራው ትንሽ ሰው ላይ ስለተሠራ ይጥቀም አይጥቀም መለየት አልቻለም ነበር፣ አይጠቅምም አላለም። ስህተቱ ደግሞ የቦርዱ አልነበረም፣ በአማርኛ «ጉልህ» ማለት ትልቅ፣ የሚታይ ማለት ነው እኮ፣ ለስታቲስቲክስ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው፣ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው በላይ ማለት ነው። በተቃራኒውም ይሠራል፣ 15,000 ሴት ስትጠይቂ ከ100 ሴት የሁለት ሴት ልዩነት እንኳን «ጉልህ» ሊባል ይችላል፣ ኮሚቴው ግን ትልቅ ነገር መስሎት ይደነግጣል። ከዛን ቀን ጀምሮ «ጉልህ» የሚለውን ቃል ከሰመሪ አውጥቻለሁ። ወይ «ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም» እላለሁ፣ ወይ «ጥናቱ ይህን መለየት አልቻለም» እላለሁ፣ መጠኑን ደግሞ ለብቻው እናገራለሁ።

«ሽፋን» የሚለውም እንደዛው ነው። የቅድመ ወሊድ ክትትል ሽፋን 32 በመቶ ብለሽ ስትጽፊ የአስተዳደሩ ሰው እንደ መብራትና እንደ መንገድ ነው የሚሰማው፣ አገልግሎቱ 32 በመቶ ቦታ ደርሷል ብሎ፣ ከዛ «ታዲያ ጤና ኬላ እንጨምራ» ይላል። ቁጥሩ የሚለው ግን ከ100 እናቶች 32ቱ አራት ጊዜና ከዛ በላይ ክትትል አድርገዋል ነው። ቢያንስ አንዴ የሄዱት 62 ናቸው። መንገዱን ያውቁታል ማለት ነው፣ ከአንዴ በኋላ ነው የቀሩት፣ ይሄ ደግሞ ኬላ ከመጨመር ሌላ ጥያቄ ነው የሚያስነሳው።

እዚህ ጋ ደግሞ ራሴ ልወድቅበት የደረስኩበት ወጥመድ አለ። 62ቱን እና 26ቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ «62ቱ ጀመሩ፣ 26ቱ ብቻ ጤና ተቋም ወለዱ» ማለት እንዴት ያምራል መሰለሽ፣ አፍ ላይ ይጣፍጣል። ግን መቶውና መቶው አንድ አይደሉም። የክትትሉ ቁጥር ስለ እናቲቱ የመጨረሻ ወሊድ ነው፣ የወሊዱ ቁጥር ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ስለተካሄዱት ወሊዶች በሙሉ ነው፣ አንዲት ሴት ሁለት ሦስቴ ልትቆጠር ትችላለች። ሁለቱንም ጻፊ፣ ችግር የለውም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን አታስሪያቸው። ሰንጠረዥ ከመጠቀምሽ በፊት ርዕሱ ሥር በትንንሽ ፊደል ያለውን አንብቢ፣ «ከማን ውስጥ» የሚለው እዛ ነው ያለው፣ ያንቺም ሪፖርት ላይ እንደዛው ነው።

ሌላም አለ ከአምቡላንሱ ጋር የሚያያዝ። ጥናቱ ላይ ግማሽ ያህሉ ሴቶች የጤና ተቋም ርቀት ችግር ነው ብለዋል። አምቡላንስ የሚፈልገው ወገን ይቺን አግኝቶ አይለቃትም፣ «ይኸው ርቀት!» ይላል። ጥያቄው ግን ሴቲቱ ራሷ ታማ መታከም ስትፈልግ ምን ያስቸግራታል የሚል ነው እንጂ ስለ ምጥ አይደለም። ደግሞ ርቀት ለአምቡላንስ ብቻ አይመሰክርም፣ ማቆያም እኮ የሚሠራው ለሩቅ ሰው ነው፣ ቀኗ ሲደርስ መጥታ እንድትጠብቅ። ስለዚህ ይሄን ቁጥር ካስገባሽው ለሁለቱም ወገን እንደሚሆን ጽፈሽ አስገቢው፣ ካልሆነ ተዪው።

ስለ አማርኛው ትንሽ ልበል ምክንያቱም ከእንግሊዝኛ ስለምትሠሪው እዛ ላይ ነው የሚጠፋብሽ። አማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም አንባቢ አዎ ይሁን አይደለም ሳያውቅ አራት መስመር ይሄዳል። የተለመደው የቢሮ አጻጻፍ እንዲህ ነው፦

«በጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት ተጠቃሚ የሆኑ እናቶች ምጣኔ ከባለፈው ጥናት ጋር ሲነፃፀር ጭማሪ ያሳየ ቢሆንም በከተማና በገጠር መካከል ያለው የአገልግሎት አጠቃቀም ልዩነት ሰፊ ሆኖ የቀጠለበት ሁኔታ መኖሩ ተስተውሏል።»

ማን ነው ያስተዋለው? ምኑን? «የቀጠለበት ሁኔታ መኖሩ» ማለት ቀጥሏል ማለት ነው እኮ። ይሄንኑ፦

«በጥናቱ ጊዜም አብዛኞቹ እናቶች የሚወልዱት ቤት ነበር። ከ100 ወሊድ ጤና ተቋም ውስጥ የተካሄደው 26 ነው፣ በፊት 10 ነበር። በከተማ 79 ነው፣ በገጠር ግን 20 ብቻ።»

ቁጥር ተጨምሮበትም አጠረ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቁጥር የለውም፣ አየሽ? ፍሬ ነገሩን መጀመሪያ በቃል ተናግረሽ ከዛ ቁጥሩ ሲመጣ ሰው ቁጥሩን የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። ቁጥሩ ከቀደመ ግን ተንሳፎ ይቀራል። እና በአንድ አንቀጽ ከመቶው ሌላ ከአራት ቁጥር በላይ አታድርጊ፣ አምስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይጠፋል።

ሁሉም ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ገጽ አናት ይሄን ሊመስል ይችላል፣ በምሳሌያችን፦

«ኮሚቴው የሚወስነው፦ ለመጪው በጀት ዓመት ሁለተኛ አምቡላንስ ይገዛ ወይስ የእናቶች ማቆያ ይሠራ።

ጥናቱ የሚለው፦ በገጠር ከ100 ወሊድ 80ው የሚካሄደው ከጤና ተቋም ውጪ ነው። ብዙ እናቶች ለክትትል ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ አራት ጊዜ የሚመጡት ግን ከ100 እናቶች 32 ናቸው። የእናቶች ሞት ቀንሷል፣ በስንት እንደቀነሰ ግን በትክክል አይታወቅም።

ጥናቱ የማይለው፦ ከአምቡላንስና ከማቆያ የትኛው እንደሚሻል አልተጠናም። የወረዳችን ቁጥርም ለብቻው የለውም። ጥናቱ የተካሄደው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን አያሳይም።

ከውሳኔው በፊት የሚያስፈልገው፦ ያለፈው አንድ ዓመት የአምቡላንስ ጉዞ መዝገብ። ስንት ጊዜ ለምጥ ተጠራ? ስንት ጊዜ ሌላ ጉዞ ላይ ስለሆነ ሳይደርስ ቀረ? ስንት ጊዜ መንገዱ መኪና ስለማያስገባ ተመለሰ?»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ልብ በዪ። አምቡላንሱ ሌላ ጉዞ ላይ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ሁለተኛ አምቡላንስ ይረዳል። መንገዱ መኪና የማያስገባ ከሆነ ግን አሥር አምቡላንስ ብትገዢም አይደርስም፣ ያኔ ማቆያ ነው የሚሻለው። ይሄ ከ500 ገጹ ውስጥ የለም፣ ግን 500 ገጹን አንብበሽ ምን እንደጎደለው ካላወቅሽ ደግሞ አይመጣልሽም። «ጥናቱ የማይለው» የሚለውን ክፍል አለቃሽ አውጪው ሊልሽ ይችላል፣ ጥናቱን ደካማ ያስመስላል ብሎ። ተከራከሪው። እሱ ከሌለ ኮሚቴው ያልተጠናውን ነገር «ጥናቱ ብሏል» ብሎ ይወስንና ከስድስት ወር በኋላ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።

ምክረ ሐሳብ ላይ ደግሞ፣ ሪፖርትሽ መጨረሻ ላይ 15 ወይ 20 ምክረ ሐሳብ ተደርድሮ እንደሚገኝ እገምታለሁ፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ ይጠናከር» አይነት። ይሄ ኮሚቴ በራሱ ሥልጣንና በራሱ ብር ሊያደርገው የሚችለውን ብቻ ምረጪ፣ ሚኒስቴሩን የሚመለከተው እዛው ይቅር። ሁለት ወይ ሦስት ከቀረ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ማን፣ መቼ፣ በስንት የሚል ካልተጻፈበት ምክረ ሐሳብ አይደለም፣ ምኞት ነው። ዋጋውን ሪፖርቱ ካልጻፈው አንቺም ከራስሽ አትጻፊ፣ ከፋይናንስ ጠይቀሽ አምጪ።

ሲያልቅ ፈትሺው፣ ግን ለጤና ባለሙያ አትስጪ፣ እሱ የጎደለውን በራሱ እውቀት ሞልቶ ነው የሚያነበው። ቢሮሽ ውስጥ ለገንዘብ ያዥዋ ወይ ለሹፌሩ ስጪ። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ተቀበያቸውና «ምንድነው የሚለው?» በያቸው። አትርጂ፣ አታርሚ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። እኔ አንዴ እንዲህ ሳደርግ ሹፌሩ «አምቡላንስ ግዙ ነው የሚለው» አለኝ፣ ወረቀቱ ግን እንደዛ አላለም ነበር። ተመልሼ ሳየው የአምቡላንሱ አንቀጽ ከማቆያው ሁለት እጥፍ ረዝሞ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው፣ ሳላውቀው አድልቻለሁ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው፣ እንደገና ጻፊው።

14 ገጹ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅምሽ። ከሰመሪው ጋር አታባዢው፣ ይዘሽው ግቢ። ሁለቱ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የሪፖርቱን ገጽ ጽፈሻል አይደል፣ የጤና ባለሙያው «ይሄ ከየት መጣ?» ሲልሽ ገጹን ገልጠሽ ታሳዪዋለሽ። ለሱ ደግሞ ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ረቂቁን ላኪለት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለሙያ እሱ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ቁጥር ባነሳሽ ቁጥር ዞር ብለው የሚያዩት የሱን ፊት ነው።